ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ። አንዲት እናት ለልጃቸው መልስ ያዘዙት ቀሚስ 9 ቀን ዘግይቶ፣ መልሱ ካለፈ በኋላ ደረሰ። መጀመሪያ በቴሌግራም «ሸማኔው ታሞ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ባሰባቸው። እውነት ነበር፤ ግን የሸማኔው ሕመም ለእሳቸው ምናቸው ነው?

በወረቀት እንደገና ጻፍኩ። ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ከላይ፣ ከዚያ፦ «ቀሚሱን ግንቦት 2 ለማስረከብ ተስማምተን ግንቦት 11 አስረክበናል። እንደሚዘገይ እያወቅን ቀድመን አለመንገራችን የእኛ ጥፋት ነው። የከፈሉትን 12,000 ብር እንመልሳለን፤ ቀሚሱም የእርስዎ ነው።» «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውን ሰረዝኩት፤ ማን እንዳጠፋ አይናገርም። ፈርሜ፣ ማህተም አድርጌ፣ ከገንዘቡ ጋር ራሴ ወሰድኩት።

ሁለቴ አነበቡት። ግማሹን ብር መለሱልኝ።