ነጭ ሽፋን የያዘ ብርጭቆ፣ ውኃ ያቆረ ሲኒ፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ችግርና መፍትሄ

የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲከፈት ብርጭቆው ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይወጣል፤ ሰሃኑም ውኃ ያንጠባጥባል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አብረው ስለሚታዩ ብዙ ሰው እንደ አንድ ብልሽት ይቆጥራቸውና ሳሙና ይጨምራል። ይሁን እንጂ ነጩ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው የሚመጣ ሲሆን፣ እርጥበቱ ደግሞ ከማለቅለቂያው ፈሳሽና ከሙቀቱ ይመነጫል። ሳሙና መጨመር አንዱንም አይፈታም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ ተከትሎ እስከ ምንጩ መሄድ ይሻላል፤ አካሄዱንም በጅማ አንድ ቤት ካጋጠመኝ ሥራ ጋር አያይዤ አስረዳለሁ።

ቤተሰቡ ሄርማታ ሰፈር በነበረበት ጊዜ ማሽኑ ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠርቷል። ከዚያ ወደ ጅሬን አቅጣጫ፣ የራሱ የጉድጓድ ውኃ ወዳለው ግቢ ተዛወሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርጭቆዎቹ መደብዘዝ ጀመሩ። የቤቱ እመቤት ማሽኑን ከፍተው እያሳዩኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ማሽን ዕቃ ያጥባል ወይስ ኖራ ይቀባል?» አሉኝ። ለቀልድ የተናገሩት ቃል ከትክክለኛው ምክንያት ብዙም የራቀ አልነበረም።

ሽፋኑ ምን እንደሆነ መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑን መፍታት ሳይሆን አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ነው። አውጥተው ሲያጥቡት ሽፋኑ ለቆ ብርጭቆው ከጠራ፣ የተጋገረው ከውኃው የመጣ የኖራ ዝቃጭ ነው። ውኃ በአፈርና በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል፤ እነዚህ የበዙበትን ውኃ ጠንካራ ውኃ እንለዋለን። ጠንካራ ውኃ ሲሞቅ የሟሟው ማዕድን በከፊል ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና ባገኘው ነገር ላይ ይጋገራል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚይዘው ነጭ ቅርፊትም ይኸው ነው።

አቼቶው ምንም ካላመጣና ብርጭቆው በብርሃን ሲታይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነጸብራቅ ካለው፣ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህም የሚደርሰው ከመጠን በላይ በለሰለሰ ውኃ፣ በበዛ ሳሙናና በከፍተኛ ሙቀት ነው። የተበላ ብርጭቆ አይመለስም፤ የሚቻለው ሳሙናውንና ሙቀቱን ቀንሶ የቀሩትን ማትረፍ ብቻ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ሽፋኑ በተራ ውኃ ብቻ ታጥቦ የሚሄድና ቢቀመስ ጨው ጨው የሚል ከሆነ፣ ከጨው ማጠራቀሚያው ያፈተለከ ጨው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተጠበቀ ክዳን ነው።

በእመቤቲቱ ቤት አቼቶው ብርጭቆውን ፍጹም አጠራው። በመለኪያ ወረቀት ስንሞክር የጉድጓዱ ውኃ 16 የጀርመን ዲግሪ ገደማ አሳየ። አንድ ዲግሪ በሊትር ወደ 18 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ይህ ወደ 285 ሚሊግራም ይጠጋል፤ በማንኛውም መለኪያ ጠንካራ የሚባል ነው። ከቀድሞ ቤታቸው የቧንቧ ውኃ በጀሪካን አስመጥተን ስንለካው ግን 4 ዲግሪ ብቻ ሆነ። ይህ የሁለት ቤት ልኬት እንጂ የከተማው አይደለም፤ አንዱ ጉድጓድ ከጎረቤቱ ጉድጓድ ሊለይ ስለሚችል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ውኃ ቢለካ ይመረጣል።

ውኃ ማለስለሻው ለምን አልሠራም?

ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ማሽኖች አብዛኞቹ በሆዳቸው ውኃ ማለስለሻ አላቸው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የሙጫ ፍሬዎች ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ፍሬዎቹ ሲሞሉ ግን መያዝ ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ከማጠራቀሚያው የጨው ውኃ ወስዶ ያጥባቸዋል፤ እነሱም ይታደሳሉ። እንግዲህ ማለስለሻው እንዲሠራ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ጨው መኖሩና የውኃው ጥንካሬ በማሽኑ ላይ በትክክል መሞላቱ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መቆጣጠሪያው ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ከሆነ ማሽኑ ውኃው ለስላሳ ነው ብሎ ስለሚያስብ ፍሬዎቹን አያድስም፤ ጨው ቢሞላም ሳይነካው ይቀመጣል። ለወራት የማይቀንስ ጨው የቁጠባ ምልክት ሳይሆን የዚህ ስሕተት ዋና ማስረጃ ነው።

እኛ ያየነው ሁለቱንም ነበር። ቁጥሩ ለቀድሞው ለስላሳ ውኃ በዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል፤ ማጠራቀሚያውም ባዶ ነው። ቀድሞ ጨውንና ማለቅለቂያን አብሮ የያዘ እንክብል ሳሙና ይጠቀሙ ስለነበር ጉድለቱ አልታወቀም ነበር፤ እንክብሉ ከገበያ ሲጠፋ ተራ የማሽን ዱቄት ሳሙና ገዙ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አብሮ ተገለጠ።

አሞላሉ እንዲህ ነው። የታችኛው መደርደሪያ ሲወጣ በወለሉ ላይ የጨው ማጠራቀሚያው ክዳን ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ እስከ አፉ ውኃ ይሞላል፤ ከዚያ በፈነል አንድ ኪሎ ያህል ጨው ይጨመራል፤ ውኃው ሲፈስ ማየት የሚጠበቅ ነው። በአፉ ዙሪያ የቀረው ጨው ተጠርጎ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ በኋላ ማሽኑ ሳይውል ሳያድር ያለ ዕቃ መሠራት አለበት፤ የፈሰሰ የጨው ውኃ አይዝጌውን ብረት እንኳ ይበላልና። ጨዉ ለማሽን የተዘጋጀ ሻካራ ንጹሕ ጨው ይሁን። የወጥ ቤት ጨው አዮዲንና እንዳይጋገር የሚያደርግ ቅመም ስላለበት አይሆንም፤ አሞሌ ፈጭቶ መጨመርም፣ ሐሳቡን ያቀረቡልኝ ሰዎች ቢኖሩም፣ በውስጡ ያለው አፈርና ሌላ ማዕድን ማለስለሻውን ስለሚደፍን ጉዳቱ ይብሳል። በመጨረሻም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ባለው ሠንጠረዥ መሠረት ለ16 ዲግሪ የሚሆነው ቁጥር ይሞላል። ማለስለሻ የሌለው ማሽን ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ያለው አማራጭ ጨዉን አብሮ የያዘ እንክብል መጠቀም ወይም ውኃውን ከማሽኑ በፊት ማለስለስ ነው።

ቀድሞ የተጋገረውን ለማንሣት ባዶው ማሽን በሙቅ ፕሮግራም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይዞ ይሠራል። በዚህ ጊዜ በረኪና አብሮ ፈጽሞ አይጨመር፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሽፋኑ ጠፍቶ እርጥበቱ ሲቀር

ከሳምንት በኋላ ስመለስ ብርጭቆዎቹ ጠርተዋል፤ ዕቃው ግን አሁንም እርጥብ ነበር። እዚህ ላይ ማሽኑ እንዴት እንደሚያደርቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ማሽን በወለሉ ላይ በሚግል ማሞቂያ ያደርቃል፤ አንዳንዱ ሲጨርስ በሩን በራሱ ከፈት አድርጎ እንፋሎቱን ያስወጣል። የእነሱ ማሽን ግን እንደ ብዙዎቹ የራሱን ዕቃ ሙቀት የሚጠቀም ነው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ዕቃውን በደንብ ያሞቀዋል፤ በሙቁ ዕቃ ላይ ያለው ውኃ ተንኖ ቀዝቃዛ በሆነው የብረት ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆንና ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ ሙቀት የማይይዘው ፕላስቲክ ምንጊዜም እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሲኒም ቢደፋ በመቀመጫው ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፤ ዘንበል አድርጎ መደርደር ብቻ ነው መፍትሄው። የታችኛው መደርደሪያ ቀድሞ ካልወጣ ደግሞ ከላይ ያቆረው ውኃ በደረቀው ሰሃን ላይ ይፈስሳል።

ማለቅለቂያው ፈሳሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውኃ በብርጭቆ ላይ ጠብታ ሆኖ እንዳይቋጠር ያደርገዋል፤ ውኃው ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ የቀረውም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ጠብታ በቦታው ከደረቀ ግን የያዘውን ማዕድን ክብ ነጭ ምልክት አድርጎ ይተወዋል። የእነሱ የማለቅለቂያ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ ባዶ ነበር። ሞልተን መቆጣጠሪያውን ከመካከለኛው ቁጥር ጀመርን። ጠብታ ከታየ አንድ ቁጥር መጨመር፣ ሰማያዊ የሚመስል መስመር ወይም አረፋ ከታየ አንድ መቀነስ ነው፤ በየለውጡ መካከል ሁለት ሦስት እጥበት ማሳለፍ ይገባል። ፈሳሹ ሲጠፋ አቼቶ የሚሞሉ አሉ፤ አቼቶ ኖራ ቢያሟሟም ውኃውን እንደ ፈሳሹ አይዘረጋውም፤ በዚያ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲቆይም ጎማዎቹን ሊጎዳ ይችላል።

ብርጭቆውና ሹካው ከዚያ በኋላ ደረቁ፤ ማታ የታጠበው ሰሃን ግን አልደረቀም፤ ጠዋት የታጠበው ይደርቃል። ይህ ልዩነት ነገሩን ወደ ኤሌክትሪኩ መራን። ማሽኑ እንደጨረሰ በጥንቃቄ ሲከፈት እንፋሎት ሊወጣና የብረቱ ግድግዳ ሊሞቅ ይገባል፤ ማታ ግን ለብ ያለ ብቻ ነበር። ስንለካ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ወርዷል። የማሞቂያ ጉልበት የሚወርደው ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ስለሆነ፣ በ180 ቮልት የሚቀረው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ 2,000 ዋት የነበረው ወደ 1,340 ዋት ይወርዳል። አንዳንድ ማሽን እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን ጊዜው ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ሥራ ያልፍ ነበር። ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ ግድግዳው ከቀዘቀዘ ማሞቂያው ወይም የሙቀት መለኪያው ተበላሽቷል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

እመቤቲቱ ስታቢላይዘር ለመግዛት አስበው ነበር፤ ለዚህ ማሽን ቢያንስ 3 ኪሎ ዋት የሚችል ስለሚያስፈልግ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አልተመጣጠነላቸውም። እጥበቱን ወደ ጠዋት አዛወሩት፤ ማሽኑ ከጨረሰ በኋላም ለሩብ ሰዓት ዘግተው ከዚያ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ሲኒዎቹን ግን አሁንም በፎጣ ነው የሚጨርሷቸው።