አዲስ ስልክ ላይ ሁሉም ነገር የተሻገረ ሲመስል ሳይሻገር የሚቀረው

ሀዋሳ ላይ ስልክ ሲቀየር ብዙ ጊዜ አሮጌው እዛው ሱቅ ይቀርና ልዩነቱ ተከፍሎ አዲሱ ይያዛል። የሱቁ ልጆች ዳታውን በኬብል ወይ በዋይፋይ ያሻግሩታል፣ ፎቶው አለ፣ ስልክ ቁጥሩ አለ፣ አፖቹም ተደርድረዋል፣ በቃ አለቀ ተብሎ ይወጣል። ችግሩ የሚታየው ማታ ቤት ተገብቶ አፖቹ ሲከፈቱ ነው። ይሄን የምጽፈው ለአንድሮይድ ተጠቃሚዎች ነው።

አንደኛው ስህተት የአፑን ምስል አይቶ ውስጡም መጥቷል ብሎ ማመን ነው። አክስቴ አቶቴ ሰፈር የሀበሻ ልብስ ትሰፋለች፣ ደንበኞቿ ልኬታቸውን በድምፅ መልእክት የሚልኩላት በዋትሳፕ ነው። ከሳምሰንግ ወደ ሳምሰንግ Smart Switch በሚባለው የሳምሰንግ ማሻገሪያ አፕ ሲሻገርላት ዋትሳፑ አዲሱ ላይ አለ፣ ስትከፍተው ግን ቁጥር አስገቢ አላት፣ ከዛ ባዶ ቤት። ደግነቱ አሮጌውን አልሰጠችም ነበር። አዲሱ ላይ ያለውን ዋትሳፕ አጥፍተን እንደገና ጫንነው፣ አሮጌው ላይ Settings ከዛ Chats ከዛ Transfer chats ውስጥ ገባን፣ አዲሱ ላይ ያንኑ ቁጥር አስገብተን ቻት ከድሮ ስልክ ላምጣ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ አልነው፣ ኪውአር ኮድ አወጣ፣ በአሮጌው ስካን አደረግነው፣ የድምፅ መልእክቱ ሳይቀር መጣ። ይሄ ጥያቄ የሚመጣው መጀመሪያ ሲከፈት ስለሆነ ቸኩላችሁ አትለፉት፣ ካለፋችሁት አፑን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

ቴሌግራም ሌላ ነው። ተራው ቻት ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በቁጥራችሁ ስትገቡ ሁሉም ይመጣል፣ ሲክሬት ቻት ግን የተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ በኬብልም በዋይፋይም አይሻገርም፣ የሚፈለግ ነገር ካለ አሮጌው ሳይጠፋ ለብቻው አስቀምጡት። ደግሞ የመግቢያ ኮዱ በመጀመሪያ የሚመጣው ቴሌግራም ተከፍቶ ያለበት ሌላ ስልክ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ኤስኤምኤስ እየጠበቀ ይናደዳል እንጂ ኮዱ አሮጌው ስልክ ላይ ተቀምጦ ነው ያለው። አሮጌው ሎግ አውት ሳይደረግ ሱቅ ከቀረ ደግሞ ኮዳችሁ የሰው እጅ ላይ ገባ ማለት ነው!!

የባንክ አፕና ቴሌብርም ምስሉ ይመጣል፣ መግባቱ ግን አይመጣም። እንደገና በፒን ትገባላችሁ፣ ማረጋገጫው በሲም ካርዱ ይመጣል፣ አንዳንድ ባንክ ደግሞ አዲስ ስልክ ሲሆን ቅርንጫፍ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ስልክ ቀይሮ እሁድ ገንዘብ ልላክ ማለት አይሆንም፣ ባንክ የሚከፈትበት ቀን ብታደርጉት ይሻላል።

ኬብሉ ላይ የሚሰራው ስህተት ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል መጠቀም ነው። አንዳንዱ ርካሽ ኬብል ዳታ የሚያስተላልፈው ሽቦ የለውም። ምልክቱ ቀላል ነው፣ ሲሰካ አንዱ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል፣ ግን ፍቀድ የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ አይመጣም። ስልኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድከሙ፣ ኬብል ቀይሩ።

በዋይፋይ ሲሆን ፓኬጅ ይበላብኛል ብለው የሚፈሩ አሉ። Smart Switch ሁለቱን ስልክ እርስ በርስ ነው የሚያገናኛቸው፣ ፎቶና ቪዲዮው በኢንተርኔት አያልፍም። ፓኬጅ የሚበላው ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት በጉግል በኩል ስታሻግሩ ነው፣ ያኔ አፖቹ ከፕለይ ስቶር አዲስ ይወርዳሉ። ብቻ በዋይፋይ ከኬብሉ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ባትሪ ቢያልቅ ደግሞ ይቋረጣል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰአት ሁለቱንም ሞልታችሁ ጀምሩ።

ስልክ ቁጥር ላይ ደግሞ ሰው የማያየው ነገር አለ። ሲም ላይ ሴቭ የተደረገው ከሲሙ ጋር ነው የሚሄደው። ሲም ስታስቀይሩ ያ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ከመሻገሩ በፊት ኮንታክት ውስጥ ገብታችሁ ከሲም ወደ ጂሜላችሁ ኢምፖርት አድርጉት።

የመጨረሻው አሮጌውን በዛው ቀን መስጠት ነው፣ ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሱቁ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፣ ሁለት ሶስት ቀን አሮጌው ቤት ይደር። ጋለሪው ውስጥ የፎቶውን ብዛት ሁለቱ ስልክ ላይ አስተያዩ፣ በጣም የቆየ ረጅም ቪዲዮ አንዱን እስከ መጨረሻው አጫውቱት፣ የምትጠቀሙበትን አፕ ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቱ። የመግቢያ ኮድ የሚያወጣው የጉግል ኦተንቲኬተር አፕ ካላችሁ ኮዶቹ አዲሱ ላይ መታየታቸውን እዩ፣ ካልታዩ አሮጌው ላይ Transfer accounts ከዛ Export accounts ብላችሁ በኪውአር አሻግሯቸው። ከዛ በኋላ ነው ጂሜሉን ከአሮጌው አውጥታችሁ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የምታደርጉት። ጂሜሉ ሳይወጣ በስልኩ የጎን ቁልፎች ሪሴት ከተደረገ ስልኩ ሲከፈት የድሮውን ጂሜልና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ገዢው መክፈት አይችልም፣ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው።