«ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል መስኮት ሲወጣ ምን ይደረጋል?

ኢንተርኔት ላይ የሆነ ነገር እየፈለጋችሁ ነው። አንዷን ሊንክ ስትነኩ ስክሪኑ በሙሉ ይያዛል። የማይክሮሶፍት አርማ አለ፣ የሚጮህ ድምፅ አለ፣ «ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ» የሚል ማስፈራሪያ አለ። ከታች በትልቁ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። መዝጊያዋ ኤክስ የለችም።

መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩን ተመልከቱ። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የስህተት መልእክት «በዚህ ስልክ ደውሉ» አይልም። የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ካለበት ውሸት ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የምታዩት ነገር ተራ ድረ ገጽ ነው። ቫይረስ እየቆጠረ የሚመስለውም ቀድሞ የተዘጋጀ ተንቀሳቃሽ ምስል እንጂ ፋይላችሁን የነካ የለም።

ስለዚህ ገጹን መዝጋት ነው። Esc የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። ስክሪኑ ሲለቅላችሁ Alt + F4 ተጫኑ። እምቢ ካለ Ctrl + Shift + Esc ተጭናችሁ Task Manager ክፈቱ፣ ብራውዘራችሁን ምረጡና End task በሉት። ማክ ከሆነ Command + Option + Esc ነው። ሁሉም ካልሠራ ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። ያላስቀመጣችሁት ሥራ ካለ ይጠፋል እንጂ ብዙ ጊዜ ሌላ ጉዳት የለውም። ብራውዘሩን መልሳችሁ ስትከፍቱ Restore ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ፣ ያንኑ ገጽ ነው መልሶ የሚያመጣባችሁ።

እዚህ ድረስ ምንም አልተነካም። ጣጣው የሚጀምረው ሲደወል ነው።

የሚያነሳው ሰው ትሑት ነው። ከማይክሮሶፍት ነኝ ይላል፣ ስማችሁን ይጠይቃል፣ ከዚያ AnyDesk ወይም TeamViewer አውርዱ ይላል። እነዚህ የአይቲ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የሰው ኮምፒውተር ለማየትና ለማንቀሳቀስ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው። ለዚህም ነው አንቲቫይረሱ ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ካነበባችሁለትና Accept ካላችሁ በኋላ ግን አይጡ የእሱ ነው። የምታዩትን ያያል፣ የምትጽፉትን ይከታተላል።

ቀጥሎ eventvwr ብሎ ይጽፍና አንድ ዝርዝር ይከፍታል። ቀይ ምልክቶች ተደርድረዋል። «አዩ፣ ይሄ ሁሉ ቫይረስ ነው» ይላል። አይደለም። ዊንዶውስ የየዕለት ውሎውን የሚመዘግብበት ቦታ ነው። ደህና የሆነ ኮምፒውተርም ቀይ ምልክት አያጣም። የራሳችሁን አንድ ቀን ክፈቱና እዩት።

ከሁሉ የሚከፋው «ገንዘብ እንመልስልዎ» የሚለው ነው። አሜሪካ ያሉ ወላጆቻችን ላይ ቢደርስ እንዴት እንደሚሆን እንይ። ሰውየው 300 ዶላር ተመላሽ አለዎት ይልና እናትየው የባንክ ገጻቸውን እንዲከፍቱ ያደርጋል። ከዚያ ስክሪኑን ያጠቁረዋል። በዚያች ደቂቃ ከራሳቸው የቁጠባ ሂሳብ 3,000 ዶላር ለዕለት ወጪ ወደሚጠቀሙበት ሂሳብ፣ ወደ ቼኪንጋቸው፣ ያዛውራል። ስክሪኑ ሲበራ ቼኪንጉ አብጧል። «ወይኔ፣ አንድ ዜሮ ጨመርኩ! ከሥራ መባረሬ ነው፣ ትርፉን በጊፍት ካርድ ይመልሱልኝ» ብሎ ያለቅሳል። እማማም አንጀታቸው አይችልም፣ የሰው ገንዘብ ይዤ አላድርም ብለው ሱቅ ይሄዳሉ። ሁለቱን ሂሳብ ደምረው ቢያዩ ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረም፤ የሚልኩት የራሳቸውን ነው። የካርዱን ጀርባ ፍቀው ቁጥሩን ካነበቡለት በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ፈቃድ ሰጥታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ገመዱን ንቀሉ፣ ስልኩንም ዝጉት፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። በባንክ ካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንኩ ደውሉ። የይለፍ ቃል የምትቀይሩት በሌላ መሣሪያ ነው፣ ከኢሜይል ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መቀየሪያ በእሱ በኩል ስለሚመጣ። ያወረዳችሁትን ፕሮግራም አጥፉ። ሳታዩት ሌላም ጭኖ ሊሆን ስለሚችል ፎቶና ሰነዳችሁን አውጥታችሁ Reset this PC ብታደርጉት ይሻላል። ጊፍት ካርድ ከሰጣችሁ ካርዱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወዲያው ለካርዱ ኩባንያ ደውሉ። አሜሪካ ካላችሁ reportfraud.ftc.gov ላይ አመልክቱ።

ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ሊደውል ይችላል፦ «የተወሰደብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ትንሽ ክፍያ ብቻ ነው» የሚል። አንዴ የከፈለ ሰው ስልክ ቁጥር በአጭበርባሪዎች መካከል ይሸጣል፤ ያንንም ስልክ ዝጉት።