የጠፋውን በግ ለልጆች በአኒሜሽን ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ጎንደር ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የጠፋውን በግ ምሳሌ (ሉቃስ 15፥3-7) ከወረቀት በተቆረጡ ምስሎች በሚሠራ የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ልናሳይ አሰብንና ስክሪፕቱን እኔ ጻፍኩት። ጮክ ብዬ በሰዓት ሳነበው 3 ደቂቃ አለፈ።

ያስረዘመው ምስሉ የሚያሳየውን በቃል መድገሜ ነበር። እረኛው ዱላውን ይዞ ዳገት ሲወጣ እየታየ ተራኪው «ዱላውን ይዞ ዳገቱን ወጣ» ይላል። አሁን ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ ምስሉን፣ በቀኝ ድምፁን እጽፋለሁ፤ አንዱ የተናገረውን ከሌላው እሰርዛለሁ። የቆጠራው ትዕይንት ተስተካክሎ እንዲህ ሆነ፦

ምስል፦ በጎቹ አንድ ላይ ተጠጋግተዋል። የእረኛው ዱላ እየጠቆመ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ሣር ላይ ይቆማል።
ድምፅ፦ «ዘጠና ስምንት... ዘጠና ዘጠኝ...» (3 ሰከንድ ዝምታ)

ያችን ዝምታ በሙዚቃ አትሙሏት። ልጆቹ ራሳቸው «አንዱ የለም!» ብለው የሚጮኹት እዚያ ላይ ነው።

መቶ በግ መሳልም አያስፈልግም። ከነጭ ወረቀት እንደ ደመና የተቆረጠ አንድ ክምርና ከላዩ ብቅ ያሉ ስድስት ራሶች ይበቃሉ፤ መቶነቱን ቆጠራው ይነግራል። የሚጠፋው በግ ግን ለብቻው ይቆረጥ፤ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እንዲለይም አንድ ጆሮው ጥቁር ይሁን።

እጅና እግርን ሁሉ ለማንቀሳቀስ መድከምም ሌላው ስህተት ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ፤ የመላእክቱ ፊትና ክንፍ ብቻ ተስሎ፣ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ብዙ ይናገራሉ። እኛም የእረኛውን ፊት ፊት ለፊት ስለን የዓይኑን ብሌን ለየብቻ ቆረጥን። ብሌኑ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ፍለጋው ተነገረ።

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ጅብ መጨመሬ ነው። ታሪኩ እንዲሞቅ ብዬ ነበር። ልጆቹ ረቂቁን አይተው ሲጨርሱ «ምን አያችሁ?» ብላቸው «ጅቡን!» አሉኝ፤ እረኛውን ያነሳ አልነበረም። የጅብ ድምፅ ሌሊት ሌሊት ለሚሰማ ልጅ ፍርሃቱ ታሪኩን ይውጠዋል። በወንጌሉም አውሬ የለም፤ የሚፈልግ እረኛ ነው ያለው። ጅቡን ሳወጣው አንዲት ልጅ «የቀሩትስ በጎች?» ብላ ጠየቀች። ሉቃስ በበረሃ፣ ማቴዎስ (18፥12) በተራራ ትቷቸው ሄደ ይላሉ። ጠባቂ ፈጥረን አልጨመርንም፤ በቀን ብርሃን አብረው ተኝተው ሲያመሰኩ በአንድ ምስል አሳየናቸው።

መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች...» ብሎ ምክር መጀመርም ይቅር። ምሳሌው የሚያልቀው በደስታ ነው። በጉ በጫንቃው ላይ ሆኖ፣ ጎረቤቶች ከየደጃፋቸው ወጥተው፣ እረኛው «የጠፋውን በጌን አግኝቼዋለሁና ከእኔ ጋር ደስ ይበላችሁ» ይላል። ከዚያ 5 ሰከንድ እልልታ ብቻ፤ የበጉ ጥቁር ጆሮም ይንቀሳቀሳል።