ጀርመን ገብታችሁ ቤት ልትቀቡ ነው? ስንት ሊትር ቀለም እንደሚበቃችሁ እንዲህ አስሉ

ጀርመን ውስጥ ቤት ስትከራዩ ብዙ ጊዜ የምትረከቡት ባዶ ግድግዳ ነው። አንዳንዴም የቀድሞው ተከራይ የወደደው ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ ይጠብቃችኋል። ቀቢ መጥራት ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ቅዳሜ ባውማርክት የሚባለው የግንባታ ዕቃ መደብር ሄዶ ባልዲውን ተሸክሞ ይመጣና ራሱ ይቀባል።

ሰው የሚሳሳተው ባልዲው ላይ ባለው ጽሑፍ ነው። 10 ሊትር ባልዲ ላይ ለ70 ካሬ ሜትር ይበቃል የሚል ነገር በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ። የክፍላችሁ ግድግዳ 35 ካሬ ከሆነ «ተርፎ ለሌላ ክፍልም ይሆናል» ትላላችሁ። አይሆንም። ያ 70 ካሬ ለአንድ እጅ ብቻ ነው፣ እሱም ለስላሳና ቀለም የማይመጥ ግድግዳ ላይ። እናንተ ደግሞ የምትቀቡት ሁለት እጅ ነው። ቅዳሜ ማታ ቀለም ቢያልቅባችሁ እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ እስከ ሰኞ ግማሹ የተቀባ ክፍል ውስጥ ትከርማላችሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ለኩ። አንድ መኝታ ቤት እንውሰድ፤ ርዝመቱ 4.2 ሜትር፣ ስፋቱ 3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር። አራቱን ግድግዳ ለየብቻ ማስላት አያስፈልግም፤ ዙሪያውን ፈልጉና በከፍታው አባዙት። 4.2 ሲደመር 3.5፣ እጥፉ 15.4 ሜትር ነው። 15.4 በ2.5 ሲባዛ 38.5 ካሬ ይመጣል።

አሁን በርና መስኮቱ ይቀነስ። በሩን ስትለኩ መዝጊያውን ብቻ ሳይሆን መቃኑንም ጨምሩ፣ ምክንያቱም መቃኑም በግድግዳ ቀለም አይቀባም። በእኛ ክፍል በሩ ከነመቃኑ 2 ካሬ ነው። መስኮቱ በ1.5 በ1.4 ሜትር 2.1 ካሬ ይሆናል። ሁለቱ 4.1 ናቸው፤ ከ38.5 ሲቀነሱ 34.4 ይቀራል።

ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። የጀርመን ቤት ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተገጠመው፣ ግራና ቀኙም ላይኛውም ጠርዝ ይቀባል። ሁለቱ ጎኖች 1.4፣ ላይኛው 1.5፣ ድምሩ 4.3 ሜትር፤ ጥልቀቱ 20 ሳንቲም ቢሆን 0.9 ካሬ ገደማ ነው። እሱን መልሳችሁ ደምሩ፤ 35.3 ካሬ ሆነ። ማሞቂያውን ግን አትቀንሱ። ከኋላው ያለው ግድግዳም ረጅም እጀታ ባላት ቀጭን ሮለር ይቀባል።

ሁለት እጅ ነውና 35.3 እጥፍ ይሁን፤ 70.6 ካሬ። አሁን አንድ ሊትር ስንት ካሬ እንደሚሸፍን ባልዲው ላይ በትንሹ የተጻፈውን ፈልጉ። m²/l ከሚለው አጠገብ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ግን በ ml/m² ነው የሚጽፈው፤ 150 ካለ 1000ን ለ150 አካፍሉ፣ 6.7 ካሬ በሊትር ማለት ነው።

የትኛውን ቁጥር እንደምትወስዱ የሚወስነው ግድግዳችሁ ነው። ብዙ የጀርመን ቤት ግድግዳ ላይ ራውፋዘር የሚባል ወረቀት ተለጥፏል። በእጃችሁ ስትዳስሱት እንጨት ፍርፋሪ የተበተነበት ይመስላል፤ እያንዳንዷ እብጠት ዙሪያዋን ቀለም ስለምትይዝ ከለስላሳ ግድግዳ ይበልጥ ይበላል። ስለዚህ ባልዲው 7 ቢልም እኔ ለራውፋዘር 6 ነው የምወስደው። 70.6 ለ6 ሲካፈል 11.8 ሊትር ነው። አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 2.5 ትገዛላችሁ፣ 0.7 ሊትር ትተርፋለች፤ እሷም ሮለሩ ለሚጠጣውና በኋላ ለምትነካኩት ትሆናለች። በርና መስኮቱን ባንቀንስ ኖሮ 12.8 ይመጣና በከንቱ ባለ 5 እንገዛ ነበር። ግድግዳው ለስላሳ ቢሆንና በ7 ብናሰላ እንኳ 10.1 ነው፤ 10 ሊትሩ ብቻውን ለጥቂት አይበቃም። ኮርኒሱን መቀባት ከፈለጋችሁ ለብቻው አስሉት፤ 4.2 በ3.5፣ ሁለት እጅ፣ ባለ 5 ሊትር ባልዲ በጭንቅ ይበቃል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ቀቢ ጠርታችሁ በካሬ ዋጋ ካቀረበላችሁና መስኮታችሁን ሳይቀንስ ብታገኙት ተጭበረበርን አትበሉ። የጀርመን የሥራ ልኬት ደንብ እስከ 2.5 ካሬ የሆነ በርና መስኮት እንዳይቀነስ ይፈቅዳል፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ መቀባት ራሱ ሥራ ስለሆነ። ግን ያ የሙያ ክፍያ ሒሳብ ነው፤ የእሱን ካሬ ወስዳችሁ ቀለም አትግዙበት።

ስሌቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ቀለም የሚመጥ ልስን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ግድግዳውን በመዳፋችሁ አሹት፤ ነጭ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ ቀለሙም አይይዝላችሁም። ከዚያ በእርጥብ ስፖንጅ ንኩት፤ ውሃው ወዲያው ገብቶ ቦታው ከጠቆረ ግድግዳው ጠጪ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ መጀመሪያ ቲፍግሩንድ የሚባለውን ውሃ መሳይ ፈሳሽ ይቀባና ይደርቃል። እሱን ዘላችሁ ቀለም ከጀመራችሁ የመጀመሪያው እጅ ከስሌቱ በላይ ይበላል።

ስሌታችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ክፍሉ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ባልዲውን ሰውነት መመዘኛ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ኪሎውን ጻፉ። ረጅሙን ግድግዳ፣ በርም መስኮትም የሌለበትን፣ አንድ እጅ ቀቡና እንደገና መዝኑ። ያ ግድግዳ 10.5 ካሬ ነው፤ በ6 ሲሰላ 1.75 ሊትር። የግድግዳ ቀለም አንድ ሊትሩ 1.5 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ባልዲው 2.6 ኪሎ ገደማ መቅለል አለበት። 3.5 ኪሎ ከቀለለ ወደ 2.3 ሊትር ሄዷል፤ በሊትር 4.5 ካሬ ብቻ እየሸፈናችሁ ነው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያው እጅ ብቻ 7.8 ሊትር ይፈጃል። ሁለተኛው ወደ 6 ካሬ ቢመለስ እንኳ ጠቅላላው 13.7 ይደርሳል፣ ያላችሁ ደግሞ 12.5 ነው። ሱቁ ሳይዘጋ ተጨማሪ ባለ 2.5 አምጡ።

አደራ፣ ለማብቃቃት ብላችሁ ውሃ አታብዙበት፣ ሮለሩንም እስኪደርቅ አትግፉት። ማታ በአምፖል ደህና ይመስላል፣ ጠዋት ፀሐይ ከመስኮቱ በኩል በጎን ስትመታው ግን የሮለሩ መንገድ ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል። አከራዩም ቤቱን የሚረከባችሁ በቀን ነው።

ባለ ቀለም ካስበጠበጣችሁ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አስበጥብጡ፣ ቤት ስትደርሱም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅሉት። ከሳምንት በኋላ በዚያው ቁጥር የተሠራው ሊለይ ይችላል፣ ልዩነቱም የሚታየው ግድግዳ መሃል ላይ ነው። የተበጠበጠ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ነጩን ግን ብዙ ባውማርክቶች ካልተከፈተ በደረሰኝ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ባለ 2.5 ባልዲዋን ባለ 10 ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አትክፈቷት፣ ደረሰኙንም ያዙ።