በዐረብኛ ጽሑፍ መካከል የፋርስኛ ቃል ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

በዐረብኛ ሲጽፍ የፋርስኛ ቃል መጥቀስ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በዐረብኛ ፊደል ገበታ በሌሉ አራት ፊደላት ነው። እነርሱም پ (ፐ)፣ چ (ቸ)፣ ژ (ዠ) እና گ (ገ) ናቸው። ፋርሶች እነዚህን ያገኟቸው በዐረብኛዎቹ ب፣ ج፣ ز እና ك ላይ ነጥብ ወይም ጭረት በመጨመር ሲሆን፣ የእኛም ቸ ከተ፣ ዠ ከዘ የወጡት በተመሳሳይ ዘዴ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አራቱንም ድምፆች በጆሮው ስለሚለያቸው፣ የሚሳሳተው ሲሰማ ሳይሆን ሲጽፍ ነው።

ምልክት፦ የተጠቀሰው ቃል ሌላ ቃል ሆኖ ይነበባል

«አባት» የሚለው የፋርስኛ ቃል پدر (ፔደር) ነው። የዐረብኛ ኪቦርድ ብቻ ያለው ጸሐፊ پን በ ب ተክቶ ከጻፈው بدر ይሆናል፤ ዐረብ አንባቢም «በድር» ብሎ ሙሉ ጨረቃን ወይም የታወቀውን የበድር ጦርነት ያስባል። በተመሳሳይ መንገድ «አበባ» የሚለው گل (ጎል) በ ك ሲጻፍ كل (ኩል)፣ ማለትም «ሁሉም» ይሆናል። የዚህ ስህተት ክፋት ቃሉ የተበላሸ አለመምሰሉ ነው፤ የዐረብኛ ፊደል አራሚም በዝምታ ያልፈዋል።

መንስኤው ኪቦርዱ ስለሆነ፣ መፍትሄው የፋርስኛ ኪቦርድ መጨመር ነው። በብዙ የስልክ ኪቦርዶች ላይ ተቀራራቢውን የዐረብኛ ፊደል ተጭኖ በመያዝም ፊደሉ ሊገኝ ይችላል። በዎርድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ጽፎ Alt+X መጫን ይበቃዋል፦

```
067E  پ
0686  چ
0698  ژ
06AF  گ
```

ምልክት፦ ፊደሉ በትክክል ተጽፎ ሳለ አንባቢው ድምፁን ይስታል

እዚህ ላይ ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፤ መንስኤው እነዚህ ፊደላት በዐረቡ ዓለም አንድ ዓይነት ንባብ የሌላቸው መሆኑ ነው። ኢራቃዊ አንባቢ چን «ቸ» ብሎ ያነበዋል። በግብፅ ግን ج ራሱ «ገ» ስለሚባል፣ چ «ዠ»ን ለማሳየት ያገለግላል። በእስራኤል የዐረብኛ የመንገድ ምልክቶች ላይ ደግሞ ያው چ «ገ»ን ይወክላል።

ስለዚህ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ የፋርስኛው አጻጻፍ በትእምርተ ጥቅስ፣ በዐረብኛ ፊደላት የተቀራረበው ንባብ ደግሞ በቅንፍ ቢሰጥ ይሻላል። «ተመራማሪ» የሚለውን پژوهشگر (ፐዡሄሽገር) እንውሰድ፤ ከአራቱ ፊደላት ሦስቱን ይዟል። ለሶርያና ለሊባኖስ አንባቢ ج በራሱ «ዠ» ስለሚባል እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

```
كلمة «پژوهشگر» (بجوهشغر) تعني الباحث
```

ከዚያ በኋላ የፋርስኛው አጻጻፍ ብቻውን ይበቃል። የቅንፉ ንባብ ግምታዊ በመሆኑ ቃሉን እንዲተካ መፍቀድ አይገባም።

ይህ ደንብ ዐረብኛ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ባደረጋቸው ስሞች ላይ አይሠራም። پارس በዐረብኛ فارس፣ گرگان ደግሞ جرجان ከሆኑ ዘመናት አልፈዋል። ስለ ቦታው የሚጽፍ ሰው በዐረብኛው ስም ይጠቀም፤ የፋርስኛው አጻጻፍ የሚያስፈልገው ስለ ቃሉ ራሱ ሲነገር ነው።

ምልክት፦ በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ይታያል

ሳጥን ከታየ ፎንቱ ፊደሉ የለውም፤ አራቱንም የያዘ ፎንት መምረጥ በቂ ነው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ የተቀመጠው ፊደላቱን በማያውቅ ኮድ፣ ለምሳሌ በ ISO-8859-6 ሊሆን ይችላል። እንዲህ የጠፋ ፊደል ስለማይመለስ ቃሉን እንደገና ጽፎ ፋይሉን በ UTF-8 ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ቃሉ ለዓይን ትክክል ቢሆንም በፍለጋ አይገኝም

ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ይህ ነው። ከአራቱ ሌላ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ያሉ ነገር ግን ለኮምፒውተር የተለያዩ ሁለት ፊደላት አሉ። የዐረብኛው ካፍ ك ቁጥሩ 0643 ሲሆን የፋርስኛው ک 06A9 ነው፤ የዐረብኛው ያእ ي 064A ሲሆን የፋርስኛው ی 06CC ነው። ایرانی የሚለውን ቃል በዐረብኛ ኪቦርድ የጻፈ ሰው ሁለት የባዕድ ያእ አስገብቷል። የመጀመሪያው በቃሉ መካከል ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ራሱን ያጋልጣል፤ ምክንያቱም የፋርስኛው ያእ በቃል መጨረሻ ከሥሩ ሁለት ነጥብ የለውም። ጥቅሱን ብቻ ነጥሎ በፓይተን እንዲህ ማስተካከል ይቻላል፦

```
q = q.translate(str.maketrans("كي", "کی"))
```

ይህን ትእዛዝ በጠቅላላው ሰነድ ላይ ማስኬድ ግን ችግሩን ወደ ዐረብኛው ያዛውረዋል፤ كتاب እና في የመሳሰሉት ቃላት በፋርስኛ ፊደላት ተለውጠው እነርሱም በተራቸው ከፍለጋ ይሰወራሉ።