የባንኮክ የወርቅ ደረሰኝ በስልክ ሲተረጎም፦ ቀኑን፣ ክብደቱንና ዋጋውን በብር እንዴት እናውጣ?

የአክስቴ ልጅ እናቷን ለሕክምና ባንኮክ ይዛ ሄዳ ነበር። ከመመለሷ በፊት ያዋራት ከሚባለው የቻይናዎች ሰፈር አንድ ወርቅ ቤት ገብታ ለእናቷ ሐብል ገዛች። ሒሳቡን ከእህቷ ጋር እኩል ሊካፈሉ ነው። ደረሰኙ ግን ከላይ እስከ ታች በታይ ፊደል ነው። በስልኳ ካሜራ አስተረጎመችውና ፎቶውን ላከችልኝ። ቀን 05/03/68፤ ሐብል 2 ሩብ፤ የወርቅ ዋጋ 23,500፤ የእጅ ሥራ 800፤ ድምር 24,300 ባት ይላል።

"68 ምንድነው? ሩብስ የምን ሩብ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእኛ ሰው 68 ሲባል የሚታየው የደርግ ዘመን ነው።

ስልኩ ቃሉን ተርጉሟል። ቀኑን፣ መለኪያውንና ገንዘቡን ግን እንዳለ ትቶታል። እነሱን የምናወጣው እኛው ነን፤ ቅደም ተከተልም አለው። የምንዛሪው ተመን በቀኑ ስለሚወሰን ቀኑ ይቀድማል። የግራሙ ዋጋ ደግሞ ክብደቱ ካልታወቀ አይታወቅም።

መጀመሪያ ያልተተረጎመውን ፎቶ ያዙ

የትርጉም መተግበሪያ የራሱን ጽሑፍ በዋናው ላይ ስለሚለጥፍ ከሥር ያለው ይሸፈናል። ስለዚህ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ በቀን ብርሃን አንድ ንጹህ ፎቶ አንሱ። በዚያው ቀን ይሁን። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ሲከርም ይደበዝዛል። ከዚያ ትርጉሙንና ዋናውን ጎን ለጎን እያያችሁ ቁጥሩን ሁሉ ከዋናው ላይ አንብቡ።

አንዳንድ ደረሰኝ የታይ አኃዝ ይጠቀማል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ እንዲህ ነው፦ ๐ ๑ ๒ ๓ ๔ ๕ ๖ ๗ ๘ ๙። አራቷ ๔ እና አምስቷ ๕ መንትያ ናቸው፤ አጉልታችሁ እዩ። በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ደግሞ 24,300.- የሚል ታገኛላችሁ። ጭረቷ ሳንቲም የለውም ለማለት ነው እንጂ የመቀነስ ምልክት አይደለችም።

የድምሩ ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ እዚያው ከሥሩ አለ። ታዮችም እኛ ቼክ ላይ እንደምናደርገው ገንዘቡን በፊደል ይጽፉታል፦ สองหมื่นสี่พันสามร้อยบาทถ้วน። እዚህ ላይ ተርጓሚው ሊደናገር ይችላል፤ ታዮች ለአሥር ሺህ ራሱን የቻለ ቃል አላቸውና፣ หมื่น ይባላል። የእኛ "እልፍ" ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ቃል በቃል "ሁለት እልፍ ከአራት ሺህ ከሦስት መቶ ባት ብቻ" ነው፣ 24,300። የመጨረሻዋ ถ้วน ያችው የእኛዋ "ብቻ" ናት። በቁጥርና በፊደል የተጻፈው ካልገጠመ አንዱን አሳስታችሁ አንብባችኋል።

ቀኑ፦ 551 ቀንሱ

ታይላንድ የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ነው። ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። 68 ማለት 2568 ነው፤ 543 ሲቀነስ እ.ኤ.አ. 2025 ይሆናል። ወሩና ቀኑ ግን ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ነው፤ አዲስ ዓመታቸውም ጃንዋሪ 1 ነው። አጻጻፋቸው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ስለሆነ 05/03 ማርች 5 እንጂ ሜይ 3 አይደለም። ስልካችሁ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ትርጉሙ ሊገለብጠው ስለሚችል እዚህም ዋናውን እዩ።

በቀጥታ ወደ እኛ ዓመት ለመሄድ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም ዋዜማ 551 ቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ 550። 2568 ሲቀነስ 551፣ 2017 ዓ.ም። መጋቢት 1 ሁልጊዜ ማርች 10 ላይ ስለሚውል የካቲት 30 ማርች 9 ነው። አራት ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ማርች 5 የካቲት 26 ሆነ። ሐብሉ የተገዛው የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም ነው።

ወሩ በፊደል ከተጻፈ አንድ ወጥመድ አለ። ጃንዋሪ በአጭሩ ม.ค. ነው፤ ማርች ደግሞ มี.ค.። ልዩነታቸው ከመጀመሪያዋ ፊደል ራስ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ምልክት ናት። ፎቶው ትንሽ ከደበዘዘ ምልክቷ ትጠፋና ማርች ጃንዋሪ ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ የፓስፖርቱን ማህተም ወይም የአውሮፕላን ትኬቱን እዩ። ጃንዋሪ ላይ ባንኮክ ካልነበራችሁ ነገሩ አለቀ።

ክብደቱ፦ ባት ገንዘብም ሚዛንም ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባት የታይላንድ ገንዘብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወርቅ ቤት ውስጥ ግን ባት የክብደት መለኪያም ነው። ለጌጣ ጌጥ አንድ ባት 15.16 ግራም ነው፤ ለጥፍጥፍ ወርቅ 15.244 ግራም። አንድ ባት ለአራት ይከፈላል። አንዱ ክፋይ ሳልዩንግ ይባላል፣ ሲጻፍ สลึง። ገንዘብም ላይ ሳልዩንግ የባት ሩብ፣ 25 ሳታንግ ነው። የትርጉም መተግበሪያው ይህን ቃል አንዴ "ሩብ"፣ አንዴ "25 ሳንቲም" ቢለው አትገረሙ። የእኛው "2 ሩብ" ሁለት ሳልዩንግ፣ ማለትም ግማሽ ባት ነው። 15.16ን ለሁለት ስንከፍል 7.58 ግራም።

የአክስቴ ልጅ "ግራም ቢሆንስ?" ብላ ተከራከረች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤት ሚዛን ባይኖርም በዋጋው ማጣራት ይቻላል። በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር ወደ 33.75 ባት ነበር፤ የንጹህ ወርቅ የዓለም ዋጋ ደግሞ ለግራም 94 ዶላር ገደማ። አሁን 23,500ውን በሦስቱም መንገድ እናካፍለው። ሁለት ግራም ከሆነ ግራሙ 348 ዶላር ሊሆን ነው፤ ማንም እንዲህ አይሸጥም፣ ማንም አይገዛም። ሁለት ሙሉ ባት፣ ማለትም 30.32 ግራም ከሆነ ደግሞ ግራሙ 23 ዶላር ይመጣል። ወርቅ በዚህ ዋጋ ከተገኘ ወርቅ አይደለም። በ7.58 ግራም ስናካፍል ግን 92 ዶላር አካባቢ ይሆናል። የታይላንድ ወርቅ ንጽህናው 96.5 በመቶ ስለሆነ ከ94 ትንሽ ዝቅ ማለቱ ልክ ነው። በእኛ ወርቅ ቤቶች አነጋገር ከ23 ካራት ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የታይላንድ የወርቅ ነጋዴዎች ማህበር የዕለቱን ዋጋ ያወጣል፤ ወርቅ ቤቶቹም በር ላይ ይለጥፉታል። ዋጋው የሚነገረው ለአንድ ባት ክብደት ነው። ደረሰኙ ላይ 23,500 ለግማሽ ባት ከሆነ ለአንድ ባት 47,000 ይመጣል። ይህን በዚያ ቀን ከተለጠፈው ጋር ማስተያየት ነው። ግን በስሌቱ ውስጥ የእጅ ሥራውን 800 ባት አትጨምሩት። እሱ የሠራተኛው ዋጋ ነው። ሐብሉን መልሳችሁ ስትሸጡ አብሮ አይመለስም።

ወደ ብር፦ የየትኛው ቀን ተመን?

አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ የዛሬውን ተመን ያያል። የዛሬው ተመን "ዛሬ ብገዛው ስንት ያወጣብኛል?" ለሚለው መልስ ነው። "ስንት አወጣሁ?" ለሚለው ግን የሚያስፈልገው የገዛችሁበት ቀን ነው። የደረሰኙ ቀን ሲሳሳት ብሩ ምን ያህል እንደሚሳሳት ለማየት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ምን አስታውሱ። ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ አለፈ። ጁላይና ኦገስትን ያምታታ ሰው ሒሳቡን በእጥፍ ሊስት ነው።

ከኢንተርኔት ተመን የበለጠ እውነት የሚናገሩት ደግሞ የራሳችሁ ወረቀቶች ናቸው። በካርድ ከከፈላችሁ ከሂሳባችሁ የተቆረጠውን ከባንክ መግለጫው ላይ ውሰዱ፤ መለወጥም አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ የካርድ ማሽኑ "በባት ወይስ በዶላር?" ብሎ ከጠየቀና ዶላር ከመረጣችሁ፣ ተመኑን የሚያወጣው የሱቁ ማሽን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። በባት በሉት። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሁለት ወረቀት ይፈለጋል፦ ዶላሩን እዚህ የገዛችሁበትና እዚያ ወደ ባት የመነዘራችሁበት። ሁለተኛው ላይ ሁለት ተመን ከተጻፈ የእናንተ መንዛሪው ዶላር የሚገዛበት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም አልጣለችም ነበር። ምንዛሪ ቤቱ ዶላሩን በ33.75 ባት ገዝቷታል። እዚህ ባንክ ደግሞ ኮሚሽኑን ጨምሮ አንዱን ዶላር በ128 ብር ወስዳለች። እንግዲህ፦

```
24,300 ÷ 33.75 = 720
720 × 128 = 92,160
92,160 ÷ 2 = 46,080
```

720 ዶላር፣ 92,160 ብር። ለእያንዳንዳቸው 46,080 ብር። ዶላርን መሃል ማስገባት ያስፈለገው ገንዘቧ የሄደው በዚያው መንገድ ስለሆነ ነው። ከባት በቀጥታ ወደ ብር የሚሰላ ተመን ብትወስዱ ምንዛሪ ቤቱም ባንኩም የወሰዱት ልዩነት አይታይም።

ሒሳቡን ለእህትየዋ ላኩላት። እሷ ደግሞ ተራዋን ጠበቀችና "የእጅ ሥራውንም እኔ ልካፈል? ሐብሉን የመረጠችው እሷ!" አለች። 800 ባት፣ በዚያው መንገድ ሲመነዘር 3,034 ብር ገደማ ነው። እሱን እነሱው ይጨርሱት።